የአሥር ሺህ ዶላሩ አካውንት ውስጡ ስንት አለ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ የዋጋ ጥያቄ አይደሉም። "ፕሮፕ ፈርም ምንድን ነው?"፣ "ቻሌንጅ ብገባ ያዋጣኛል?"፣ "ፈንድድ አካውንት ያገኘ ልጅ ታውቃለህ?" የሚሉ ናቸው። እዚህ ቀዳማይ ወያነም ነገሩ በዓይን ይታያል። በገበያው ዙሪያ ካሉት የእህል መጋዘኖች ገባ ብትሉ አባት ሚዛኑ ጋ ቆሞ ጆንያ ሲያስቆጥር፣ ልጅ ከጀርባ ተቀምጦ ስልኩ ላይ XAUUSD ያያል። የወርቅ ዋጋ በዶላር ማለት ነው። ወርቅ ለትግራይ ሰው ባዕድ ነገር ስላልሆነ ልጆቹ ከሌላው ሁሉ እሱን መምረጣቸው አይገርመኝም።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን አንድ የማውቃቸው የሰሊጥ ነጋዴ ያነሱልኝ ጥያቄ ነው። "ልጄ አምስት አካውንት ልግዛ ይለኛል። 75 ሺህ ብር ብንከፍል 50 ሺህ ዶላር ይሰጡናል ነው የሚለኝ። ይሄ ነገር ዱቤ ነው ወይስ ሎተሪ?" አሉኝ። ሁለቱንም አይደለም። ግን ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ መልሱን በቁጥር እንየው።

ፕሮፕ ፈርም የሚለው ስም ድሮ ሌላ ነበር። በራሱ ገንዘብ የሚነግድ ድርጅት ማለት ነው፤ ነጋዴ ይቀጥራል፣ ጠረጴዛና ካፒታል ይሰጠዋል፣ ትርፉን ይካፈላሉ። ዛሬ በቴሌግራም የሚተዋወቀው ዓይነት ግን መጀመሪያ የሚሸጥላችሁ ፈተና ነው። ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ በዴሞ አካውንት ላይ የተወሰነ ትርፍ እንድታመጡና የተወሰነ ኪሳራ እንዳታልፉ ትፈተናላችሁ፣ ካለፋችሁ "ፈንድድ" የሚባል አካውንት ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ከምታተርፉት ብዙውን ጊዜ 80 በመቶው የእናንተ ይሆናል። ከታወቁት አንዱ የሆነው የፕራጉ ኤፍቲኤምኦ ለደንበኞቹ የሚሰጣቸው አካውንቶች በሙሉ ዴሞ እንደሆኑና ውስጣቸው ያለው ገንዘብ ምናባዊ እንደሆነ ራሱ በግልጽ ይጽፋል። ይህን በግልጽ መጻፉ ያስመሰግነዋል። እናንተም ስትገቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው፤ ካጣችሁት ቢያንስ ጠይቁ። ትርፋችሁ ከገበያ ካልመጣ ከማን ኪስ ነው የሚከፈላችሁ? ከድርጅቱ ኪስ ነው። ድርጅቱ ኪስ ውስጥ ካለው ውስጥ ደግሞ ትልቁ ድርሻ እንደናንተ ያሉ ተፈታኞች የከፈሉት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በዚህ ገበያ የተለመደውን ደንብ እንውሰድ። የአካውንቱ ስም 10,000 ዶላር፤ በመጀመሪያው ዙር 10 በመቶ ማትረፍ፣ በሁለተኛው 5 በመቶ ማትረፍ፤ በአንድ ቀን ከ5 በመቶ በላይ አለመክሰር፣ በጠቅላላው ከ10 በመቶ በላይ አለመክሰር። የመግቢያ ክፍያውን ለሒሳብ እንዲመቸን 100 ዶላር እንበለው፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 15 ሺህ ብር ነው።

ከዚህ ውስጥ ልጁ የሚያየው 10,000ን ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ማየት ያለበት ግን ወለሉን ነው። አካውንቱ 9,000 ሲደርስ ይዘጋል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 1,000 ዶላር ነው፤ የቀረው 9,000 ቁጥር ብቻ ነው፤ አትነኩትም። ሺህ ጆንያ የሞላ መጋዘን አሳይቶ "መቶዋን ብቻ ነው ማውጣት የምትችለው፣ መቶ አንደኛዋን ስትነካ በሩን እዘጋለሁ" እንደሚል ባለ መጋዘን አስቡት። ያን መጋዘን የሺህ ጆንያ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚቆጥር ነጋዴ የለም።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጁ የሚገዛው መጠን ላይ ይወስናል። ወርቅ ላይ አንድ ሎት 100 አውንስ ነው። 0.20 ሎት 20 አውንስ ነው፤ ወርቅ አንድ ዶላር ባለ ቁጥር 20 ዶላር ታገኛላችሁ ወይም ታጣላችሁ። 10,000 አለኝ ብሎ ለሚያስብ ሰው 0.20 ትንሽ ይመስላል። ወርቅ ግን በአንድ ከሰዓት 25 ዶላር ወዲያ ወዲህ ማለት ብርቁ አይደለም። 25 ጊዜ 20 ሲባዛ 500 ዶላር። የቀኑ ገደብ ተነካ፣ ፈተናው አለቀ፣ 15 ሺህ ብሩ ሄደ። በአንድ ንግድ! 1,000 ብቻ ነው ያለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው 0.02 ነበር የሚይዘው፤ ያው የ25 ዶላር ጉዞ 50 ዶላር ብቻ ያስከፍለው ነበር።

እሺ፣ የማለፍ ዕድሉስ? ምንም እውቀት የሌለው፣ ሳንቲም እየወረወረ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው እንውሰድ። የስፕሬድ ወጪ የለበትም፣ የቀን ገደብም የለበትም እንበል። 1,000 ከማጣቱ በፊት 1,000 የማትረፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በሁለተኛው ዙር 1,000 ከማጣቱ በፊት 500 የማትረፍ ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው። ሁለቱንም የማለፍ ዕድሉ ታዲያ ከሦስት አንድ ይሆናል። ፈንድድ ከሆነ በኋላ ደግሞ አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት 500 ዶላር አትርፎ የመጀመሪያውን ክፍያ የመጠየቅ ዕድሉ እንደገና ከሦስት ሁለት ነው። ሲጠቃለል ከዘጠኝ ሰው ሁለቱ ይከፈላቸዋል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ በድርጅቱ ቦታ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰው መቶ መቶ ሲከፍል 900 ዶላር ይገባል። ሁለቱ ደግሞ ከ500 ትርፋቸው 80 በመቶውን፣ 400 400 ዶላር ይወስዳሉ። ብዙዎቹ ድርጅቶች ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር የመግቢያውን 100 ዶላር ስለሚመልሱ እሱንም ጨምሩ። 1,000 ዶላር ይወጣል። 900 ገባ፣ 1,000 ወጣ። ድርጅቱ ሳንቲም በሚወረውር ሰው እንኳ ይከስራል!

ድርጅቶቹ ግን በዚህ መንገድ አይከስሩም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? እኔ ባሰላሁት ሒሳብ ውስጥ ከተውኳቸው ነገሮች ነው የሚመጣው፤ ከስፕሬዱና ከኮሚሽኑ፣ ከቀኑ ገደብ፣ ወለሉ ከሚሰላበት መንገድ፣ ከክፍያ በፊት ከሚመዘዙት ትንንሽ አንቀጾች፣ እና ከሰው ችኮላ። ማስታወቂያው ትልቁን ቁጥር ያሳያችኋል፤ የድርጅቱ እንጀራ ግን ያለው በትንንሾቹ ደንቦች ውስጥ ነው። ጀማሪ መፈተሽ ያለበትም እዚያው ነው።

ከስፕሬድ እንጀምር፤ እሱ ለናንተ አዲስ ነገር አይደለም፣ በመግዣና በመሸጫ መሃል ያለው ልዩነት ነው። በወርቅ ላይ 30 ሳንቲም ነው እንበል። በ0.20 ሎት ለአንድ ንግድ 6 ዶላር ነው። ምን አላት ትሉ ይሆናል። በቀን አሥር ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ልጅ ግን በቀን 60፣ በሃያ የሥራ ቀን 1,200 ዶላር ይከፍላል። የፈተናው ግብ 1,000 ነበር። ሌላ ጥፋት ሳያጠፋ፣ ገበያው ሳይከፋበት፣ መግባትና መውጣቱ ብቻ ያለውን ሁሉ በላው። ስለዚህ ፈተና ከመግዛታችሁ በፊት የድርጅቱን ነጻ ዴሞ አውርዱና የአሜሪካ ገበያ በሚከፈትበት ሰዓትና ሌሊት ላይ ስፕሬዱን ራሳችሁ ተመልክታችሁ ጻፉ። ማስታወቂያ ላይ "ከ0.0 ጀምሮ" የሚለው "ከ" ብዙ ነገር ይደብቃል።

ቀጥሎ የቀኑ ገደብ። "5 በመቶ" የሚለውን ሁሉም ያነባል፤ ከምን ላይ እንደሚሰላና ቀኑ መቼ እንደሚጀምር የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ቀኑ የኛ ቀን አይደለም። ኤፍቲኤምኦን ብንወስድ ቀኑ የሚቀየረው በፕራግ እኩለ ሌሊት ነው፤ በኛ አቆጣጠር በክረምታቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ተኝታችሁ እያለ ነው አዲሱ ቀን የሚቆጠረው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ልጁ ማታ 20 አውንስ ወርቅ ገዝቶ ተኛ። ቀኑ ሲቀየር ያልተዘጋው ንግዱ 300 ዶላር ትርፍ ላይ ነው። የተዘጋ ሒሳቡ፣ ባላንስ የሚሉት፣ 10,000 ነው፤ የተንሳፈፈው ትርፍ ሲጨመርበት፣ ኢኩዊቲ የሚሉት፣ 10,300 ነው። ገደቡን ከባላንስ የሚያሰላ ድርጅት 500 ቀንሶ የዛሬውን ወለል 9,500 ላይ ያደርገዋል። ከሁለቱ ከሚበልጠው የሚያሰላ ድርጅት ግን ከ10,300 ላይ 500 ይቀንስና ወለሉን 9,800 ላይ ይሰቅለዋል። ሊነጋጋ ሲል ወርቅ 25 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ወረደ። ኢኩዊቲው 9,790 ሆነ። በመጀመሪያው ድርጅት ልጁ ገና 290 ዶላር ቦታ አለው። በሁለተኛው አካውንቱ ተዘግቷል። ንግዱ አንድ፣ ገበያው አንድ፣ ማስታወቂያውም አንድ፣ "5 በመቶ"። ልጁ ሲነሳ ከገባበት ዋጋ የወረደው 210 ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ ለምን እንደተባረረ አይገባውም፤ ከዚያ "አጭበረበሩኝ" ይላል። አላጭበረበሩትም፤ ጽፈውት ነበር።

ጠቅላላ ገደቡም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቆመ ነው፤ ወለሉ 9,000 ላይ ነው፣ እዚያው ይኖራል። ሌላው ተከታይ ነው፣ ትሬሊንግ ይሉታል፤ ስታተርፉ እየተከተለ ይወጣል፣ ስትከስሩ ግን አይወርድም። አካውንቱ 10,600 ቢደርስ ወለሉ 9,600 ይሆናል። ከዚያ ወደ 9,590 ከተመለሰ በቃ፤ ከመነሻው 410 ብቻ ጎድሎ ተዘጋ። አንዳንዱ ደግሞ ተከታይ ወለሉን የሚያሰላው በተዘጋ ትርፍ ሳይሆን በቀኑ መሃል ኢኩዊቲው ለአንድ ደቂቃ በነካው ከፍታ ነው። የሁለቱን ልዩነት ሳታውቁ ዋጋቸውን ብቻ አታወዳድሩ፤ ተከታይ ወለል ያለው አካውንት በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ እንኳ ረከሰ አይባልም።

ሦስተኛው፣ ከክፍያ በፊት የሚመዘዘው አንቀጽ ነው። በስፋት የሚታየው "ኮንሲስተንሲ" የሚሉት ነው፤ ምርጡ ቀናችሁ ከጠቅላላ ትርፋችሁ የተወሰነ በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። 40 በመቶ ነው እንበል። ልጁ ፈንድድ ሆኖ 500 ዶላር አተረፈ፤ ከዚያ ውስጥ 300ው የመጣው በአንድ አርብ፣ የአሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ በወጣበት ከሰዓት ነው። 300 ከ500 ውስጥ 60 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ክፍያ የለም። ሊከፈለው የሚችለው ጠቅላላ ትርፉ 750 ሲደርስ ነው። ማለትም የያዘውን 500 እንደገና ለአደጋ አጋልጦ 250 መጨመር አለበት፤ በመንገድ ላይ ወለሉን ከነካ 500ውም የለም። በዜና ሰዓት የተገኘ ትርፍ አይቆጠርም የሚሉም አሉ። እነዚህ አንቀጾች በፈተናው ጊዜ ሳይኖሩ ፈንድድ ከተሆነ በኋላ ብቻ የሚሠሩበት አጋጣሚ ስላለ የሁለቱንም ደንብ ለየብቻ አንብቡ።

እስካሁን ያወራነው ደንቡን የሚያከብር ድርጅት ነው። የማያከብርስ? እዚህ ላይ ማይ ፎሬክስ ፈንድስን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የአሜሪካ የሸቀጥ ፊውቸርስ ግብይት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በዚህ ስም ይሠራ በነበረው ትሬደርስ ግሎባል ግሩፕ በተባለ ድርጅትና በባለቤቱ ላይ ክስ መሠረተ። በክሱ መሠረት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ ከ135 ሺህ በላይ ደንበኞች ቢያንስ 310 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ሰብስቧል፤ ደንበኛው ሲያተርፍ የሚከስረውም፣ ሲከስር የሚያተርፈውም ራሱ ድርጅቱ ሆኖ ሳለ ደንበኞች ከውጭ ገበያ ጋር የሚነግዱ እንዲመስላቸው አድርጓል፤ የሚያተርፉትን ልጆች ትእዛዝም በሶፍትዌር እያዘገየና ዋጋ እያበላሸ እንዲከስሩ አድርጓል ይላል።

የክሱ መጨረሻ ግን ብዙ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ክሱን ዳግም እንዳይቀርብ አድርጎ ዘጋው። ምክንያቱ የኮሚሽኑ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ተደበቀ የተባለ 31 ሚሊዮን ገደማ የካናዳ ዶላር ለካናዳ መንግሥት የተከፈለ ግብር ሆኖ ተገኘ፤ ኮሚሽኑ ይህን እያወቀ ለፍርድ ቤቱ በትክክል ባለማሳወቁ ተቀጣ። ስለዚህ በድርጅቱ ላይ የቀረበው ክስ ተረጋገጠም፣ ሐሰት ነው ተብሎ በፍሬ ነገሩ ተወሰነም ማለት አይቻልም። ለኛ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ክሱ በተመሠረተ ጊዜ ንብረቱ ታገደ፣ ሥራው ቆመ፤ ክፍያ ጠይቀው የሚጠባበቁ ልጆችም እዚያው ቀሩ። ዴሞ አካውንት ላይ ያለ ትርፍ ባንክ ውስጥ ያለ ተቀማጭ አይደለም፤ ድርጅቱ ሲቆም የሚከፍላችሁ የለም።

ድርጅት ለመቆም ደግሞ ክስ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 የሜታትሬደር ባለቤት የሆነው ሜታኮትስ በፕሮፕ ፈርሞች ላይ ሲጨክን ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ መነገጃቸውን አጡ። የሃንጋሪው ትሩ ፎሬክስ ፈንድስ አንዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መዘጋቱን አስታወቀ። በራሱ ፈቃድ የሚሠራበት ሶፍትዌር ያለውንና በሌላ ድርጅት ፈቃድ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን ለዩ። ይህን መረጃ ራሳቸው ደንበኛ አገልግሎቱ ጋ ጠይቃችሁ ታገኙታላችሁ፤ የማይመልስ ድርጅት ካለ አለመመለሱ መልስ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ፤ እዚህ ያለው ችግር ከግራፉ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ስም ነው። ፈተናው ሲሸጥ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ስታልፉ ግን ይጠየቃል። የኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል። አንዱ ጋ የአባት ስም ሞልታችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ የአያት ስም በዚያ ቦታ ከተቀመጠ፣ ወይም የልደት ቀን በኛ አቆጣጠር ከጻፋችሁ፣ የማንነት ማጣሪያው ላይ ትቀራላችሁ። ኢትዮጵያ ከማይቀበሏቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሯን፣ የትኛውን መታወቂያ እንደሚቀበሉ፣ ክፍያውን በምን መንገድ ወደዚህ እንደሚልኩ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፤ በጽሑፍ የመጣውን መልስም አስቀምጡ።

ሁለተኛው የክፍያ መንገዱ ነው። ብዙ ልጆች ዶላሩን የሚከፍሉት በደላላ በኩል በክሪፕቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት በአገሪቱ ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ ደላላው ገንዘቡን በልቶ ቢጠፋ የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? ተቆጣጣሪን በተመለከተም፣ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸውን ያሳውቃል። "በኢትዮጵያ ወኪላቸው ነኝ" የሚል ሰው ሲመጣ ስሙን እዚያ ፈልጉ። ውጭ አገር ባለ ድርጅት ላይ ያላችሁ ቅሬታ ግን እዚህ የሚታይበት ጠረጴዛ አይኖረውም ብላችሁ ግቡ።

ሦስተኛው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዋይፋይ፣ አምስት ስድስት ሆኖ መነገድ ነው። መቐለ ውስጥ ኢንተርኔት የሚጋሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ድርጅቶቹ ግን ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ የሚመጡ ተመሳሳይ ንግዶችን ሲያዩ "ኮፒ" ወይም "የቡድን ንግድ" ብለው ክፍያ ይከለክላሉ። "በ5 ሺህ ብር ፈተናችሁን እናሳልፍላችኋለን" የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። የተለመደው ደንብ አካውንቱን ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይነግድበት ይከለክላል፤ ስለዚህ ቢያልፉላችሁ እንኳ ክፍያው ጋ ይታወቅባችኋል። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እዚህ ለምንኖር ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስቶፕ ሎስ ሳታስቀምጡ ንግድ አትክፈቱ፤ አንዴ ከገባ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ስልካችሁ ቢጠፋም ይሠራል።

አሁን ከአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛ ለደረሰኝ ጥያቄ። "ጋሼ፣ ፈንድድ አካውንት ወስደን የቡናችንን ዋጋ ብንከላከልበትስ? ኒውዮርክ ሲወርድ እኛም ሸጠን እንካካሰው" አለችኝ። ሐሳቡ ብልህ ነው፣ መሣሪያው ግን አይሆንም። የኒውዮርክ "ሲ" አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ 170 ኩንታል ገደማ፣ ከአንድ ኮንቴይነር ትንሽ ያነሰ። ዋጋው በፓውንድ 3 ሳንቲም ሲንቀሳቀስ 1,125 ዶላር ነው። ያን ያህል መጠን የያዘ የ10,000 ዶላር ፈተና በ3 ሳንቲም ይዘጋል፤ ቡና ደግሞ 3 ሳንቲም በቁርስ ሰዓት ነው የሚሄደው። ዋጋ መከላከል ማለት ገበያው ለጊዜው ሲዞርባችሁ መታገሥ መቻል ነው፤ ይህ አካውንት የተሠራው ላለመታገሥ ነው። ፊውቸርስ ላይ ከሚሠሩት የታወቀው የቺካጎው ቶፕስቴፕም የሚያስነግደው በሲኤምኢ ቡድን ገበያዎች ነው፤ የቡናው "ሲ" ውል ያለው ደግሞ አይስ በሚባለው ሌላ ገበያ ነው። ዩኒየኖች ዋጋ ለመጠበቅ ከገዢው ጋር በሚፈርሙት ውል ላይ ዋጋ የሚቆረጥበትን ቀን መደራደር ይሻላቸዋል፤ እሱን በሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ለሰሊጥ ነጋዴው የሰጠሁት መልስ ይኼ ነው። አምስት አካውንት አምስት ዕድል አይደለም፤ ልጁ በአምስቱም ላይ አንድ ዓይነት ንግድ ስለሚከፍት አምስቱም በአንድ ቀን ይዘጋሉ። 50 ሺህ ዶላር የተባለውም ወለሉ ሲሰላ 5 ሺህ ነው፤ እሱም ቢሆን የሱ ንብረት ሳይሆን የመክሰሪያ ቦታ ነው። አንድ ወር በነጻ ዴሞ ይሥራ፤ 10,000ውን 1,000 ብሎ ይቁጠር፣ ወለሉን ራሱ በወረቀት ላይ ያስምር፣ የእያንዳንዱን ቀን ውጤት ይጻፍ። ወለሉን ሳይነካ ወሩን ከጨረሰ አንድ፣ ትንሹን፣ በራሱ ገንዘብ ይግዛ። የሰሊጥ መግዣው ብር ግን ከዚህ ጋር አይቀላቀል፤ መኸር ሲደርስ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ነው የሚፈልገው።

ሰውየው "ልጁ ደንቡን አንብቦ ያስረዳኝ" ብለው ተነሡ። በማግሥቱ ልጁ ራሱ ደወለልኝ፤ ሊገዛው ያሰበው ድርጅት ወለል ተከታይ ነው፣ የሚሰላውም በቀን መሃል ኢኩዊቲ ነው። ከፍለው ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያውቀው አካውንቱ ሲዘጋ ነበር። ገጹን በዕለቱ ቀን ስክሪንሾት አድርጎ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት፤ እነዚህ ደንቦች ያለማስታወቂያ ይቀየራሉ፣ ክርክር ሲነሳ በእጅ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

የድርጅት ስም ልካችሁ "ጥሩ ነው?" ለምትሉኝ፦ ስሙን ብቻ ሳይሆን የደንቡን ገጽ ላኩልኝ። የዛሬው የሰሊጥና የቡና ዋጋ እንደተለመደው ማታ 2 ሰዓት ይለጠፋል።